የተቆረጠ እግር ሲያም፦ ሕመሙን ለይቶ መንስኤውን ማግኘት

አንድ የአዘዞ ባጃጅ ነጂ እንውሰድ። ዕድሜው 46 ነው፤ ግራ እግሩ ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ሰባት ወር አልፎታል። ቁስሉ ጠግጓል፣ ሰው ሠራሽ እግርም ተሠርቶለታል። ሕመሙ ግን አልተወውም። ሁለት ወር ሙሉ ዲክሎፌናክ በቀን ሦስቴ ውጦ ያተረፈው የጨጓራ ቃጠሎ ብቻ ነው። ሲጠየቅ የሚለው «እግሬን ያመኛል» ነው። በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሕመሞች ተደብቀዋል፤ ሦስቱም በአንድ ክኒን አይድኑም።

ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ነው። አንድ ደብተር ይያዝ፤ ሕመሙ በመጣ ቁጥር የት እንዳመመው፣ ምን ሲያደርግ እንደጀመረው፣ ምን እንደሚመስል፣ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ ይጻፍበት። የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ሕመሙ ሰው ሠራሽ እግሩ ሲጠለቅ መጥቶ ሲወልቅ የሚቀንስ ከሆነ

ይህ የሥጋ ጉዳት ነው። ቆዳ ተጨንቋል፣ ወይም አጥንት ጫፉ ላይ ተጭኗል። ሥጋ ሲጎዳ በዙሪያው የሚፈጠረው መቆጣት ጤነኛውን ነርቭ ይቀሰቅሰዋል፤ ነርቩ የሚያደርገው መልእክት ማድረስ ብቻ ነው። ለዚህ ዲክሎፌናክም ሆነ ፓራሲታሞል ይሠራል፣ ምክንያቱ ሲወገድ ግን ክኒኑም አያስፈልግም። ሰው ሠራሹን እግር አውልቆ ቆዳውን በብርሃን ማየት ነው፦ ቅላቱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ሶኬቱ፣ ማለትም የተቆረጠው ጫፍ የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ክፍል፣ እየተጫነው ነው። እግር ከተቆረጠ በኋላ ባሉት ወራት ጫፉ ይከሳል፤ ሶኬቱ ሰፍቶ እግሩ ወደ ታች ሲሰምጥ አጥንቱ ይመታል። ካልሲ መደረብ ይረዳል፤ ካልሲው እየበዛ ከሄደ ሶኬቱን ማስተካከል የባለሙያው ሥራ ነው።

መግል፣ ትኩሳት፣ የሚሰፋ ቅላት ወይም የጠቆረ ቆዳ ከታየ ግን ደብተሩን ትቶ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

አንዲት ነጥብ ስትነካ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ከሆነ

ባጃጅ ነጂው ጠባሳው አጠገብ በጣት ጫፍ ቀስ ተብሎ ሲመታ ይዘላል፤ ንዝረቱ የሚሄደው ወደሌለው ጣት ነው። ይህ ኒውሮማ ይባላል። የተቆረጠ ነርቭ አይሞትም፤ መንገዱን ፈልጎ ወደፊት ያድጋል። የሚደርስበት ሥጋ ስለሌለ በጠባሳው ውስጥ እንደተዘበራረቀ ፈትል ይቋጠራል። በቋጠሮው ላይ የነርቭ መልእክት የሚያስነሱ የሶዲየም በሮች ይከማቻሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ጫና ወይም ቅዝቃዜ ይበቃዋል፣ አንዳንዴም ያለምንም ምክንያት ይተኩሳል። የሐምሌ ብርድ የሚያባብሰው ለዚህ ነው። የተጎዳ ሥጋ ስለሌለ ዲክሎፌናክ የሚያበርደው መቆጣት አያገኝም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሐኪም ነጥቧ ላይ ሊዶካይን የተባለውን ማደንዘዣ ወግቶ ሕመሙ ለጊዜው ከጠፋ ምንጩ እዚያው ነው። መፍትሄው በሶኬቱ ይጀምራል፤ ነጥቧ በቀለም ተመልክታ ሶኬቱ በዚያ በኩል ይቦረቦርላታል። ቆርጦ ማውጣት የመጨረሻው ነው። የተቆረጠው ነርቭ ዳግም ይቋጠራልና፣ ጫፉን ሥጋ ውስጥ በጥልቀት መቅበር ካልተቻለ ትርፉ ትንሽ ነው።

ከሄርኒያ ወይም ከቀዶ ጥገና ወሊድ በኋላ ሦስት ወር አልፎ ጠባሳው የሚያቃጥለውም በዚሁ ሒሳብ ነው፤ በብሽሽት የሚያልፉት ቀጫጭን ነርቮች በስፌት ይያዛሉ ወይም ይቆረጣሉ። ጠባሳው ዙሪያ ደንዝዞ፣ ልብስ ሲነካው ግን ያቃጥላል። የደነዘዘ ቦታ እንዴት ያማል የሚል ሁሉ የሚስተው ይህንን ነው፦ ድንዛዜውና ሕመሙ ከአንድ ከተጎዳ ነርቭ ይመጣሉ። ለእንዲህ ያለ ቆዳ ማለማመድ ይሠራል። በቀን ሦስቴ ለአምስት ደቂቃ መጀመሪያ በጥጥ፣ ሳይረብሽ ሲቀር በነጠላ፣ ከዚያ በጋቢ፣ በመጨረሻ በበርኖስ መዳሰስ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያው የቀኖች ቁጥር አይደለም፤ ቀዳሚው ጨርቅ ያለ ሕመም ሲታለፍ ነው። ቁስል ያለበት ቆዳ ላይ አይሞከርም።

የሌለው እግር የሚያም ከሆነ

ሦስተኛው ሕመም የሚሰማው ሌሊት ነው፤ የሌለው ተረከዝ ይቃጠላል፣ ጣቶቹ ተጨማድደው አልዘረጋ ይላሉ። ባጃጅ ነጂው ይህንን ለማንም አልነገረም፤ «ለከፈው» እንዳይሉት ፈርቶ። ነገሩ ግን ቢያንስ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሐኪሞች የተጻፈ ነው። እግሩ ቢሄድም በአንጎል ውስጥ ያለው የእግሩ ስፍራ አልተቆረጠም። ከታች ኒውሮማው ሲተኩስ፣ ህብለ ሰረሰር ያሉት ነርቮች ደግሞ ድምፁን እንደሚያጎላ ማጉያ ሆነው ሲያሳልፉት፣ አንጎል የሚያነበው «ከእግር የመጣ» ብሎ ነው። ስለዚህ ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የተሳሳተው አድራሻው ብቻ ነው።

እዚህ መስታወት ይሞከራል። ከቁም ሳጥን የወለቀ ረጅም መስታወት በሁለቱ እግሮች መካከል በቁሙ ይደረጋል፤ መስታወቱ ወደ ጤነኛው እግር ይዞራል፣ የተቆረጠው ከጀርባው ይደበቃል። ከዚያ ጤነኛው እግር ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፦ ጣት መዘርጋት፣ ቁርጭምጭሚት ማጠፍ፣ መዝናናት። በመስታወቱ የሚታየውን እንደ ራሱ ግራ እግር እያየ፣ የሌለውንም አብሮ ለማንቀሳቀስ ይሞክራል። በቀን 15 ደቂቃ፣ ለአራት ሳምንት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጫማ ወይም ካልሲ አድርገው በመሞከር ነው፤ አንጎል የሚታለለው ባዶውን እግር ሲያይ ነው። ሕመሙ ከበረታ ወይም ካዞረ ቆም ብሎ ለጥቂት ቀን በዓይነ ሕሊና ብቻ ማንቀሳቀስና እንደገና መጀመር ይሻላል። መስታወት ሁሉን አይረዳም፤ በአራት ሳምንት ለውጥ ከሌለ አይገፋበትም።

መድኃኒቱ

ለነርቭ ሕመም ከሚታዘዙት ዋነኞቹ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ናቸው። አሚትሪፕቲሊን ማታ ከ10 ሚሊግራም ይጀመራል፤ በየሳምንቱ እየተጨመረ ብዙ ጊዜ በ25 እና በ75 መካከል ይቆማል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ቢወሰድ ጠዋት ብዙም አያደክምም። አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ሊያዘገይ ይችላል፤ የልብ ምት መዛባት፣ ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ጋባፔንቲን በቀን አንዴ ከ300 ሚሊግራም ይጀመርና እየተጨመረ በቀን ሦስት ጊዜ ይወሰዳል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። በሁለት መውሰጃ መካከል ከ12 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትምና፣ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሰዓቱን ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ያስተካክል። ሁለቱም ያፈዝዛሉ፤ ባጃጅ ነጂው መጠኑ በተጨመረ ሳምንት መሪ መያዝ የለበትም።

ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት «አልሠራም» ብሎ በሦስተኛው ቀን ማቆም ነው። በቂ መጠን ላይ ተደርሶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠበቃል። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ አይጠበቅም፤ ከ8 ወደ 4 መውረዱና እንቅልፍ መግባቱ ስኬት ነው። ማቋረጥ ሲፈለግም በድንገት አይደለም፣ ቀስ በቀስ ነው።

የእኛ ሰው ዲክሎፌናኩን ተወ፣ ሶኬቱ ነጥቧ ባለችበት ተቦረቦረለት፣ በአሚትሪፕቲሊን 25 እና በመስታወቱ ከስድስት ሳምንት በኋላ የሌሊቱ ሕመም ከ8 ወደ 4 ወረደ። ኒውሮማው ሲመታ አሁንም ይነዝረዋል። ከዓመት በኋላ ደግሞ ተሽሎት የቆየው የሌለ እግር በድንገት እንደ አዲስ ቢያመው፣ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት የጫፉን ቆዳ፣ የደም ዝውውሩንና የወገቡን ነርቭ ማስመርመር ይኖርበታል።