ለድሬ ቢሮ፦ ሽንት ቤቱን ከቧንቧ ውሃ መገላገል

ድሬዳዋ የኖረ ሰው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቀዋል። ያው ኖራ የሽንት ቤቱን ሲፎን ጎማ ያበላሽና ውሃው ሌት ተቀን ሲንጠባጠብ ያድራል። የዝናብ ውሃ ይህ የለበትም። ስለዚህ መጀመሪያ የምሰጠው ለሽንት ቤት ነው።

80 ሠራተኞች ያሉት ባለ 4 ፎቅ ቢሮ እንውሰድ። ጣሪያው 400 ካሬ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብንይዝ ሽንት ቤቱ 1,600 ሊትር ይፈልጋል። ከእጅ መታጠቢያው ደግሞ 640 ሊትር ያህል ይወጣል፤ እሱም ተጣርቶ ለሽንት ቤቱ ይውላል።

ዝናቡን እናስላ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። ድሬ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ከሚባክነው በኋላ 200,000 ሊትር ይቀራል። የሚመጣው ግን በበልግና በክረምት ነው። ሁለት ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል፤ በጋውን በሙሉ ልያዝ ካሉ ወጪው አይቻልም። ሮቶው ሲጎድል ከከተማው ቧንቧ ይሞላል። የቧንቧው አፍ ግን ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር ይንጠልጠል። ከነካው፣ መስመሩ ሲቋረጥ ቆሻሻውን ወደ መጠጥ ውሃው ይስበዋል።

ወራት የከረመ አቧራ ጣሪያው ላይ አለ። የመጀመሪያው 400 ሊትር በአሸንዳው በኩል ወደ ሁለት በርሜል ይግባ፣ ሮቶው የሚቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። በርሜሎቹ ከስር በቀጭኑ እየተንጠባጠቡ ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ መሆን አለባቸው። ከዝናብ በኋላ ሮቶው ቡናማ ከሆነ መንጠባጠቢያው ተደፍኗል ማለት ነው።

የእጅ መታጠቢያው ውሃ ሌላ ጠባይ አለው፤ ከአንድ ቀን በላይ ካደረ ይሸታል። የሻይ ቤቱን ቅባት አትቀላቅሉበት። በወንፊት አልፎ፣ ዝቃጩ ከሰፈረ በኋላ አንድ ካሬ ስፋትና 60 ሳንቲ ጥልቀት ባለው አሸዋ ቀስ ብሎ ይውረድ። ከስሩ ጠጠር ይነጠፋል። ከዚያ ለ640 ሊትሩ 65 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ይጨመርና 30 ደቂቃ ይቆያል። አሸዋው ማሳለፍ ሲያቅተው የላዩን ሁለት ሳንቲ ብቻ ጥረጉት። ዓርብ ማታ የተረፈው ይደፋ። ቧንቧው በቀለም ይለይ፣ «አይጠጣም» ይጻፍበት።

ውሃውን ከታችኛው ሮቶ ወደ ጣሪያው ሮቶ የሚያወጣው ፓምፕ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትልቅ በመግዛት ነው። የጣሪያው ሮቶ 15 ሜትር ከፍ ይላል። ለቧንቧው ግጭት 2፣ ለመውጫው 2 ጨምሩ፣ 19 ሜትር ይሆናል፤ 20 እንበል። የቀኑን ውሃ በአንድ ሰዓት ለማውጣት በሴኮንድ 0.44 ሊትር ያስፈልጋል፦

```
9.81 × 0.44 × 20 = 86 W
86 ÷ 0.35 ≈ 250 W
```

0.35 የትንሽ ፓምፕ ብቃት ነው። ግማሽ ፈረስ ጉልበት፣ 370 ዋት፣ በቂ ነው። ሱቅ ውስጥ ግን ፈረስ ጉልበቱን ሳይሆን «20 ሜትር ላይ በሰዓት 1,600 ሊትር ይሰጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፓምፑ ከታችኛው ሮቶ በታች ይቀመጥ፣ ሮቶው ሲደርቅ የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ማብሪያም ይኑረው። በድሬ ሙቀት በደረቁ የሠራ ፓምፕ ማኅተሙ ቶሎ ይቃጠላል።