ለኦዲት ግኝት የጻፍኩትን የመከራከሪያ መልስ እንዴት እንዳስተካከልኩት

አዳማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍልን ስመራ፣ የውስጥ ኦዲት 14 የፕሪንተር ቶነሮች ያለ ንብረት ወጪ ደረሰኝ፣ ማለትም ያለ ሞዴል 22፣ ከመጋዘን መውጣታቸውን በግኝትነት አሰፈረ። መጀመሪያ «የሰው ኃይል እጥረት ስለነበረ ነው፤ የጠፋ ንብረትም የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት ሳነበው፣ ኦዲተሩ ንብረት ጠፋ ሳይል ላልተነሳ ክስ መከራከሬን፣ ለተነሳው ጉዳይ ግን አንድም ነገር አለመመለሴን ተገነዘብኩ።

ስለዚህ የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ከዕቃ መጠየቂያ ቅጾቹ ጋር አመሳከርኩ። የ11ዱ ተረካቢዎች ታወቁ፤ የ3ቱ ግን አልተገኙም፤ «የጠፋ የለም» የሚለው ቃሌም ማስረጃ እንዳልነበረው ያኔ ገባኝ። ያለፈ ቀን የተጻፈበት ሞዴል 22 አሁን እንድቆርጥ የመከረኝ ባልደረባ ነበር፤ ይህ ሰነድን ማጭበርበር ስለሆነ አልተቀበልኩትም።

የላክሁት መልስ እንዲህ ይላል፦ «ግኝቱን ተቀብለናል። ምክንያቱ ወጪ ፈራሚው በማይኖርበት ቀን ተተኪ በጽሑፍ አለመወከሉ ሲሆን፣ ይህንንም ማድረግ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ተወካይ በደብዳቤ መድቤአለሁ፤ ደብዳቤውና የ11ዱ ተረካቢዎች ማረጋገጫ ተያይዘዋል። የ3ቱን ማጣራት እስከ ወሩ መጨረሻ አጠናቅቄ ውጤቱን በጽሑፍ አሳውቃለሁ።»