ትራኩ ሀዲድ ላይ ሲቆም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ትራክ ለሚነዱ ያገሬ ልጆች ነው። አዲስ ሲዲኤል ያወጡ ሾፌሮችን አብሬ እየነዳሁ ሳለማምድ ዓመታት ሆኖኛል። ቀይ ሲበራ እንደሚቆም፣ የወረደውን መዝጊያ ዘንግ ዞሮ ማለፍ እንደማይቻል ሁሉም ያውቃል። እሱን አልደግመውም። ተፈትነው ያለፉ፣ ሕጉን በቃላቸው የሚሉ ልጆች ሀዲድ ላይ ለምን እንደሚቆሙ ነው የማወራው።

ምልክት፦ ፊታችሁ ቀይ መብራት ላይ፣ ጭራችሁ ሀዲድ ላይ

ደጋግሜ የማየው ይሄንን ነው። ከሀዲዱ ጎን ለጎን የሚሄድ ዋና መንገድ አለ። ሀዲዱን እንደተሻገራችሁ የዚያ መንገድ የትራፊክ መብራት ይጠብቃችኋል። መብራቱ ቀይ ነው፤ በሥርዓት ትቆማላችሁ። በመስታወት ስታዩ የትሬለሩ የኋላ ጎማዎች ገና ሀዲዱ ላይ ናቸው።

መንስኤው ቀላል ነው። ሾፌሩ የሚያየው ከፊቱ ያለውን መኪና ጭራ ብቻ ነው። ያኛው ሲንቀሳቀስ እሱም ይንቀሳቀሳል። ያኛው የሄደው 15 ጫማ መኪና ይዞ መሆኑን፣ እሱ ግን ቤት የሚያክል ነገር እየጎተተ መሆኑን ይረሳል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ባለ መኝታ ትራክ ባለ 53 ጫማ ትሬለር ሲጎትት ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 72 ጫማ ይሆናል እንበል። የራሳችሁን ለኩ፤ ከፊት መከላከያ እስከ ኋላ መከላከያ በሜትር ለኩትና መሪው አጠገብ ለጥፉት። አሁን ከትራፊክ መብራቱ የመቆሚያ መስመር እስከ ሀዲዱ ድረስ 100 ጫማ ቦታ አለ እንበል። ፊታችሁ ማንም ከሌለ 28 ጫማ ይተርፋችኋል፤ እለፉ። አንድ የቤት መኪና ካለ ግን እሱና መሃላችሁ ያለው ክፍተት 20 ጫማ ገደማ ይወስዱባችኋል። የሚተርፈው 8 ጫማ ነው። ባቡሩ ደግሞ ከሀዲዱ ውጭ በየጎኑ 3 ጫማ ያህል ይወጣል። ስለዚህ የቀራችሁ 5 ጫማ ነው፤ እኔ በዚያ አልሻገርም። ሁለት መኪና ካለ 12 ጫማ የሚሆነው ትሬለራችሁ ሀዲዱ ላይ ይቀራል። ልዩነቱ አንድ ቶዮታ ነው!

መፍትሄው ከሀዲዱ በፊት ያለ እንጂ በኋላ የሚፈለግ አይደለም። ወደ ማቋረጫው ስትጠጉ ማዶውን እዩ። ለአምስት የቤት መኪና የሚሆን ባዶ ቦታ ከሌለ ከሀዲዱ በፊት ቁሙ። ቅርብ ከሆነው ሀዲድ ቢያንስ 15 ጫማ ራቁ። የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ መሆኑ ምንም አይለውጥም። የፌደራል ሕጉም ግልጽ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ተሻግራችሁ የምትቆሙበት ቦታ ከሌለ መግባት ክልክል ነው። ጥሰቱ ከተመዘገበ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዲኤላችሁ ቢያንስ ለ60 ቀን ይታገዳል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከተደገመ 120 ቀን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ አንድ ዓመት።

የሚከብደው ሕጉ አይደለም፤ ከኋላ ያለው ሰው ነው። ባዶ ቦታ እያለ የቆማችሁ ስለሚመስለው ጥሩምባውን ይለጥፈዋል። አንድ የማለማምደው ልጅ አንዴ በዚህ ጩኸት ተረብሾ ፍሬኑን ለቀቅ ሲያደርግ እጁን ይዤ አስቆምኩት። «ጋሼ፣ እየሰደበን እኮ ነው» አለኝ። ይስደብ! መብራቱ አንድ ዙር ሳይሞላ ደወሉ ጀመረ፣ ዘንጉ ከፊታችን ወረደ። ከኋላ የነበረው ሰውዬ ጥሩምባውን ያን ጊዜ ተወው።

ይህ የትራክ ችግር ብቻ አይደለም። ኦክቶበር 25 ቀን 1995 ኢሊኖይ ውስጥ ፎክስ ሪቨር ግሮቭ በምትባል ከተማ አንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሀዲዱን ተሻግሮ ቀይ መብራት ላይ ቆመ። ሾፌሯ የዕለቱ ተተኪ ነበረች፤ የተሻገረች መስሏት ነበር። የአውቶቡሱ ጭራ ግን በጥቂት ጫማ ወደ ባቡሩ መንገድ ገብቶ ነበር። 7 ተማሪዎች ሞቱ። ኒውዮርክ ቫልሃላ ውስጥ በፌብሩዋሪ 2015 ደግሞ በትራፊክ ጭንቅንቅ መሃል ማቋረጫው ላይ የቆመች የቤት መኪና ባቡር መታት። ዘንጉ መኪናዋ ላይ ከወረደ በኋላ ሾፌሯ ወርዳ አይታ፣ ተመልሳ ገብታ፣ ወደ ሀዲዱ ነበር የነዳችው። እሷና 5 የባቡሩ ተሳፋሪዎች ሞቱ።

ምልክት፦ እየተሻገራችሁ ሳለ ደወሉ ጀመረ

እዚህ ላይ ድንጋጤ ነው ሰውን የሚያጠፋው። ፍሬን ይይዛል፣ ወይ የኋላ ማርሽ ያስገባል። ሁለቱንም አታድርጉ።

ማስጠንቀቂያው ባቡሩ ከመድረሱ ቢያንስ 20 ሰከንድ ቀድሞ እንዲጀምር ነው የሚሠራው። ከቆመበት የተነሳ ትሬለር የጎተተ ትራክ አንድ ሀዲድ ለመሻገር ቢያንስ 14 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ድርብ ሀዲድ ከሆነ ከ15 ሰከንድ በላይ። ጨርሳችሁ ለመውጣት ይበቃችኋል፣ ለመወላወል ግን አይበቃም። ወደፊት ቀጥሉ። ዘንጉ ፊታችሁ ከወረደ ሰብራችሁ ውጡ። እንዲሰበር ሆኖ ነው የተሠራው። «ያስከፍሉኛል» ብሎ ዘንጉ ሥር የቆመ ሰው አይቻለሁ፤ ዘንግ ከትሬለር ይረክሳል፣ ትሬለር ደግሞ ከእናንተ።

መኪና ፊታችሁን ከዘጋ ወደ ቀኝ ወደ መንገዱ ዳር ውጡ። ሣር ላይም፣ የእግረኛ መንገድ ላይም ቢሆን።

ምልክት፦ ሞተሩ ጠፋ፣ ትራኩ አልንቀሳቀስ አለ

በማንዋል ካምቢዮ ዋናው መንስኤ ሀዲድ ላይ ማርሽ መቀየር ነው። ማርሹ አልገባ ይልና ትራኩ መሃል ላይ ይቀራል። ከመሻገራችሁ በፊት ማርሽ ምረጡ፣ እስክትወጡ አትንኩት። ዳሽቦርዱ ላይ ኃይል እንደሚቀንስ የሚያስጠነቅቅ መብራት እየበራ ወደ ማቋረጫ የሚገባ ሰው ግን ምን እንደሚባል አላውቅም።

ከቆመ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ይሄ ነው፤ አታዛቡት።

መጀመሪያ ውረዱ። ባቡር ባይታይም፣ ደወሉ ዝም ቢልም ውረዱ። አብሯችሁ ያለውን ሰው ቀስቅሱ፤ መኝታው ላይ የተኛ የቲም ሾፌር ተረስቶ ሊቀር ይችላል። ሻንጣ የለ፣ ወረቀት የለ። «አንዴ ልሞክረው» ብላችሁ ቁልፍ አትጠምዝዙ።

ከሀዲዱ ራቁ። ባቡር እየመጣ ከሆነ ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ግን ከሀዲዱ እየራቃችሁ በሰያፍ ሩጡ። ግር ይላል፣ ግን ምክንያት አለው። ባቡሩ ትራኩን ሲመታ ስብርባሪው የሚበረው ባቡሩ ወደሚሄድበት ነው። ከባቡሩ የሸሸ ሰው ከስብርባሪው ጋር አብሮ ይሮጣል።

ከዚያ ደውሉ። ለማን? ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አንድ ወዳጄ ትራኩ ሀዲድ ላይ ቀርቶ መጀመሪያ የደወለው ለኩባንያው ዲስፓቸር ነበር። ዲስፓቸሩ መስመር ላይ እንዲጠብቅ ነገረው። ቀጥሎ ለእኔ ደወለ! እኔ ባቡር አቆማለሁ? በየማቋረጫው ምሰሶ ላይ ወይም አጠገቡ ባለው የመሣሪያ ሳጥን ላይ ትንሽ ሰማያዊ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል፦ የባቡር ድርጅቱ የአደጋ ጊዜ ስልክ፣ እና የማቋረጫው መለያ። መለያው ስድስት አኃዝና አንድ ፊደል ነው። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ባቡሮቹን የማስቆም ሥልጣን ካለው ክፍል ጋር ነው የሚሠራው። እንዲህ በሉ፦ «ትራክ ሀዲድ ላይ ቆሟል፣ የማቋረጫው ቁጥር ይሄ ነው፣ መንገዱ ይሄ ነው።» ስለ ጭነቱና ስለ ሞተሩ ታሪክ አያስፈልግም። ቀጥላችሁ 911 ደውሉ። ሰሌዳውን ካጣችሁት በቀጥታ 911።

ሰከንዶች የሚቆጠሩት ለዚህ ነው። በሰዓት 55 ማይል የሚሄድ ረጅም የጭነት ባቡር ለመቆም አንድ ማይል ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ነጂው ሲያያችሁ ቀድሞ ረፍዷል። ስልኩ ግን ከማየቱ በፊት ይደርስለታል።

ጎታች መኪና ቢመጣም የባቡር ድርጅቱ «ባቡሮቹ ቆመዋል» ሳይል ማንም ወደ ሀዲዱ እንዳይመለስ። ጎታቹ ቢቸኩልም፣ ፖሊስ ገና ባይደርስም።

ምልክት፦ ሞተሩ ይሠራል፣ ጎማው ይዞራል፣ ትሬለሩ ግን ተቀምጧል

ማቋረጫው ጉብታ ነው፤ የትሬለሩ ሆድ ተንጠልጥሏል። ሎውቦይ፣ የመኪና ጫኝና የቤት ዕቃ ትሬለር የሚጎትቱ ይህን ያውቃሉ። ተራ ትሬለር የሚይዙት የሚሸወዱት በትሬለሩ እግር ነው። ሲያያይዙ እግሩን ግማሽ ድረስ ይሰቅሉና «ይበቃል» ይላሉ። አይበቃም፤ እስከ መጨረሻው ስቀሉት። ጉብታ ላይ የተቀመጠ ትራክ የሥዕል ምልክት ያለበት ቢጫ ሰሌዳ ካያችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ ፈልጉ። ሚሲሲፒ ቢሎክሲ ውስጥ በማርች 2017 የቱሪስት አውቶቡስ እንዲህ ባለ ጉብታ ላይ ተቀምጦ ባቡር መታው፤ 4 ሰው ሞተ። ከተቀመጣችሁ ጎማ እያሽከረከራችሁ አትታገሉ። ውረዱ፣ ራቁ፣ ሰማያዊው ሰሌዳ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ጂፒኤሱ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ብሏችሁ ሀዲዱ ላይ ከታጠፋችሁ፦ በጨለማ ይከሰታል፤ ከመታጠፋችሁ በፊት አስፋልቱን እዩ። ከገባችሁ በኋላ አሠራሩ ከላይ ያለው ነው።

ባቡሩ አልፎ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ፦ ድርብ ሀዲድ ነው፣ ሌላ ባቡር እየመጣ ይሆናል።

ባቡር ሳይኖር ዘንጉ ወርዶ ከቀረ፦ አትለፉ፣ አትዙሩ። ለብልሽቱም የሚደወለው ሰማያዊው ሰሌዳ ላይ ባለው በዚያው ቁጥር ነው።