ገንዘቡን ከመላክህ በፊት ኢሜይሉን አስተካክል

ጎንደር አዘዞ ፔንሲዮን ያላት ጓደኛዬ 40 ወንበር አሠርታ የ60,000 ብር ኢንቮይስ መጣላት። 8ቱ ግን እግራቸው ተሰንጥቋል። ለወንበር ሠሪዎቹ የጻፈችውን ኢሜይል ከመላኳ በፊት አሳየችኝ፦ «ዕዳዬን አውቃለሁ፣ ለጊዜው 48,000 ልክፈል።»

ኧረ በፍጹም! ይህ ሙሉውን ዕዳ ማመን ነው። ቀሪው 12,000 ነገ ይጠየቃል። እንዲህ ቀየርነው፦

«8 ወንበሮች ተሰንጥቀው ስለደረሱ በ60,000 ብሩ አልስማማም፤ ፎቶ አያይዣለሁ። ክርክሩን ለመዝጋት ለ32ቱ ደህና ወንበሮች 48,000 ብር እከፍላለሁ፤ 8ቱን መልሳችሁ ውሰዱ። ይህ የኢንቮይሱ ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ መሆኑን እስከ ዓርብ በጽሑፍ ካረጋገጣችሁልኝ በዚያው ቀን አስገባለሁ።»

«ካረጋገጣችሁልኝ» የምትለዋን ቃል እንዳትዘሏት። በስልክ «እሺ» ቢሉም ማረጋገጫው በጽሑፍ ሳይመጣ ብር አይላክም። ከተላከ በኋላ «ቅድመ ክፍያ መስሎን ነው» ሊሉ ይችላሉ።