የታጨቀ ትረካን ወደ ትዕይንት መክፈል፦ ችግርና መፍትሔ ከአንድ የአንኮበር ስክሪፕት

የታሪክ ዘጋቢ ፊልም ትረካ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጻፈው እንደ ጽሑፍ ነው። ተነባቢ ሆኖ ሳለ ኤዲቲንግ ላይ ሲደርስ ግን ችግሩ ይወጣል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ችግሮች የታዩት በሚከተለው የትረካ አንቀጽ ላይ ሲሆን፣ መፍትሔዎቹም በዚሁ ላይ ይሠራሉ።

«በ1834 ዓ.ም. በካፒቴን ሀሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ በማቋረጥ፣ በዓሊዩ አምባ ገበያ በኩል አንኮበር ገብቶ ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ፤ ገበያው ከቆላና ከደጋ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ሲሆን፣ ዛሬም ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የአንኮበር ኮረብታ ያንን ዘመን ያስታውሳል።»

ምልክት አንድ፦ ድምፁ ይቀጥላል፣ ምስሉ ግን ያልቃል

ኤዲተሩ የአንኮበርን ኮረብታ ከላይ የሚያሳየውን የድሮን ምስል ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ያስገባል። ስንፍና ወይም የቀረጻ እጥረት ሊመስል ይችላል፤ መንስኤው ግን ስክሪፕቱ ነው። በአንቀጹ ውስጥ ጉዞ፣ ገበያ፣ ቤተ መንግሥትና የዛሬው ኮረብታ በአንድ ትንፋሽ ተጨምቀዋል። እያንዳንዱ የራሱን ምስል ይፈልጋል፤ ነገር ግን የትኛውም ተመልካቹ አይቶ እስኪረዳው የሚበቃ ጊዜ አላገኘም።

መፍትሔው አንቀጹን በዐረፍተ ነገር ብዛት ወይም በቃላት ቁጥር መቁረጥ አይደለም። በእርሳስ እያነበቡ ቦታው በተለወጠበት፣ ዘመኑ በተለወጠበት፣ ወይም ነገሩን ሊናገር የሚገባው ሰው በተለወጠበት ቦታ ሁሉ መስመር ይሰመርበታል። በዚህ መሠረት ከላይ ያለው አንቀጽ አራት ትዕይንት ይሆናል፦ ከታጁራ እስከ ደጋው ግርጌ ያለው ጉዞ፣ የዓሊዩ አምባ ገበያ፣ ውሉ፣ እና የዛሬው ኮረብታ።

መስመሩን ማስመር ሌላም ጥቅም አለው። ልዑኩ ሸዋ የገባው በ1841 እ.ኤ.አ. ክረምት ላይ ሲሆን፣ ውሉ የተፈረመው በዚያው ዓመት በኖቬምበር 16 ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን ክረምቱ 1833 ዓ.ም. ነው፤ ኅዳር ሲደርስ 1834 ገብቷል። አንቀጹ ሁሉንም በ1834 ስለጠቀለለው ጉዞው ያለ ዓመቱ ገብቶ ነበር። ጉዞና ውል ለየብቻ ትዕይንት ሲሆኑ እያንዳንዱ የራሱን ዓመት ይጠይቃል፣ ስሕተቱም ወዲያው ይታያል። በየትዕይንቱ ራስ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር መጻፍ በኋላ ምስል ለሚፈልገው ሰውም ድካም ይቀንሳል፤ የውጭ ቤተ መዛግብት ዝርዝር በዓ.ም. አይገኝምና።

ምልክት ሁለት፦ ተራኪው የተናገረውን እንግዳው ይደግመዋል

ተራኪው «ገበያው የቆላና የደጋ ነጋዴ መገናኛ ነበር» ይላል፤ ከዚያ አንድ አዛውንት ብቅ ብለው ያንኑ ይናገራሉ። ተመልካቹ ሁለተኛውን አይሰማም። መንስኤው ትረካው ቃለ መጠይቁ ከመቀረጹ በፊት ተሟልቶ መጻፉና በስክሪፕቱ ላይ «ቃለ መጠይቅ» ከሚል አንድ ቃል በስተቀር ምንም አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ድርሻው ይከፈላል። ዓመት፣ ርቀት፣ የአገር አቀማመጥና የውሉ ዓይነት ለተራኪው ይተዋል። ከአባት ለልጅ የተላለፈ ነገር፣ በዓይን የታየ መንገድ፣ ወይም የታሪክ ተመራማሪ ትርጓሜ ለእንግዳው ይሰጣል። በስክሪፕቱ ላይ የሚቀመጠው የቃለ መጠይቁ ማስታወሻ ደግሞ ማን እንደሚናገር፣ ምን እንዲያስረዳ እንደተፈለገ፣ የሚጠየቀውን ጥያቄና የሚገመተውን ርዝመት መያዝ አለበት። የገበያው ትዕይንት እንዲህ ይጻፋል፦

ትዕይንት 2፤ ዓሊዩ አምባ፤ 1833 ዓ.ም. (1841 እ.ኤ.አ.)
ተራኪ፦ «ከአንኮበር በታች፣ ቆላው ከደጋው በሚገናኝበት፣ ዓሊዩ አምባ አለች።»
ቃለ መጠይቅ 2፤ የአካባቢው አዛውንት፤ 25 ሰከንድ። ጥያቄ፦ «አባቴ፣ ከቆላ የሚመጣው ነጋዴ በየት በኩል ነበር የሚወጣው? ምን ምን ይዞስ ይመጣ እንደነበር ከአባቶችዎ ምን ሰሙ?»
ምስል፦ ዛሬ ወደ አንኮበር የሚያወጣው ዳገት፤ አዲስ ቀረጻ።

በማስታወሻው ውስጥ የእንግዳውን መልስ አስቀድሞ ጽፎ ማስቀመጥ ከባድ ጥፋት ነው፤ ጠያቂው ሳይታወቀው የተጻፈውን ቃል ከእንግዳው አፍ ለማውጣት ይገፋልና። የሚጻፈው ጥያቄው ብቻ ነው። የጠያቂው ድምፅ ፊልሙ ውስጥ የማይገባ ከሆነ፣ እንግዳው መልሳቸውን «ነጋዴው ይወጣ የነበረው በዚህ በኩል ነው» ብለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዲያደርጉት በትሕትና ማሳሰብ ያስፈልጋል፤ «በዚህ በኩል» የሚል መልስ ብቻውን ሲቆረጥ ትርጉም የለውም። ከቀረጻ በኋላ ጥያቄው ወጥቶ በምትኩ የንግግሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቃላት ከታይምኮዳቸው ጋር ይገባሉ። ተራኪው የሚናገረው ዐረፍተ ነገር በመልሱ ውስጥ ካለ የሚሠረዘው የተራኪው ነው።

ምልክት ሦስት፦ የማኅደር ምስል ቦታው እስከ መጨረሻ ባዶ ይቀራል

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ስክሪፕቱ ላይ «የድሮ ፊልም» የሚል ማስታወሻ ይቀመጣል፣ ፍለጋው ለወራት ይቆያል፣ በመጨረሻም ጊዜ ሲያጥር ከጣሊያን ወረራ ዘመን የተወሰደ የመንገድ ፊልም ይገባበታል። ያኔ ፊልሙ ተመልካቹን ያሳስታል፤ በምስሉ የሚታየው ዘመን ከትረካው አንድ ምዕት ዓመት ያህል ይርቃል።

መንስኤው ቦታ መያዣው ሊኖር የማይችል ነገር መጠየቁ ነው። ፎቶግራፍ ለዓለም የተገለጠው በ1839 እ.ኤ.አ. ነው፤ ተንቀሳቃሽ ፊልም ለሕዝብ መታየት የጀመረው በ1895 ነው። ስለዚህ ለሣህለ ሥላሴ ዘመን ፊልም መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ያለው ግን ትንሽ አይደለም፦ ከሀሪስ ልዑክ ጋር ጀርመናዊው ሠዓሊ ማርቲን ቤርናትስ ነበር፤ የቆላውንና የደጋውን ጉዞ የሚያሳዩ ሥዕሎቹም በ1852 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታትመዋል።

እያንዳንዱ ቦታ መያዣ ቁጥር፣ የምስሉን ዓይነት፣ ዘመኑን፣ ርዝመቱን፣ የሚፈለግበትን ቦታ፣ የፈቃዱን ሁኔታና ካልተገኘ የሚተካውን ይይዛል። ለምሳሌ፦

ማኅደር 01፤ የታተመ ሥዕል፣ የቤርናትስ፤ 1841–1852 እ.ኤ.አ.፤ 12 ሰከንድ፤ ፍለጋ፦ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፤ ፈቃድ፦ ለተቋሙ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ምትክ፦ የጉዞው ካርታ።

ሥዕሉ ራሱ ዘመኑ ቢያልፍም፣ ያስቀመጠው ተቋም ለቅጂው የራሱ ደንብ ሊኖረው ይችላል፤ «የድሮ ስለሆነ ነፃ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ምትኩም ሥዕሉ ከመምጣቱ በፊት ኤዲቲንግ ላይ የሚገባው እውነተኛ ምስል ስለሆነ፣ ባዶ ጥቁር ስክሪን መሆን የለበትም፤ ዳይሬክተሩ የትዕይንቱን ፍጥነት መመዘን የሚችለው አንድ ነገር ሲያይ ነው። ሥዕሉ ሲገባ የሠዓሊው ስም በስክሪኑ ላይ ይጻፍ፤ ሸዋን በእንግዳ ዓይን ያየ ሰው ሥራ መሆኑን ተመልካቹ የማወቅ መብት አለው። ዛሬ የተቀረጸውን ዳገት ቀለሙን አደብዝዞ የድሮ ማስመሰልም ያው ማሳሳት ነው።

ምልክት አራት፦ ከተከፈለ በኋላ ፊልሙ ረዘመ

መንስኤው ትዕይንት ከትዕይንት የሚለይበት ዝምታና የእንግዳው ንግግር በመጀመሪያው ስሌት አለመኖራቸው ነው። የትረካው ርዝመት በቃላት ቁጥር አይገመት፤ በስክሪፕቱ ፊት ሰዓት ይዞ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ በተራኪው ፍጥነት ይነበብ። የገበያው ትረካ ብቻውን ከ10 ሰከንድ ካለፈ፣ የእንግዳው 25 ሰከንድ ሲጨመርበት ትዕይንቱ ከውሉ ትዕይንት በላይ ይገዝፋል። በዚህ ጊዜ የሚቀነሰው እንግዳው ሳይሆን የተራኪው ቅጽል ነው፤ ያም ካልበቃ የኮረብታው ትዕይንት ያለ ትረካ፣ በነፋሱ ድምፅ ብቻ እንዲያልፍ ይደረጋል።