የቡና ማጠቢያ ዕቅድ ስትጽፉ የስጋት ክፍሉ ላይ ልትሠሯቸው የማይገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የተደራጁ ወጣቶች ለብድር ያዘጋጁትን የእሸት ቡና ማጠቢያ ዕቅድ እንድመለከትላቸው ሰጡኝ። ወጪና ገቢው በደንብ ተሠርቷል። የስጋት ሰንጠረዡ ላይ ስደርስ ግን እርሳሴን አነሳሁ።

ስጋትን በአንድ ቃል መጻፍ

“ዝናብ” ይላል፤ አለቀ። ዝናቡ ምን ያደርጋል? እንዲህ ብለን ጻፍነው፦ “ኅዳር ላይ ዝናብ ከጣለ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያለው ቡና ቶሎ አይደርቅም፤ ይሻግታል፤ ደረጃው ይወርዳል።” ምክንያቱና ጉዳቱ ሲለይ ምላሹም ተከትሎ መጣ፤ መሸፈኛ ሸራና ትርፍ አልጋ።

ጉዳቱን በግምት መመዘን

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ለዋጋ መውረድ ከ5 የሰጡት የጉዳት ነጥብ 3 ነበር። ለምን 3 እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አጣሁ። በዕቅዳቸው ቁጥሮች አብረን አሰላነው። 60,000 ኪሎ እሸት ሊገዙ ነው። በ6 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ብንይዝ 10,000 ኪሎ ይወጣዋል። አንዱን ኪሎ በ700 ብር ሸጠው 50 ብር ሊያተርፉ አስበዋል፤ በድምሩ 500,000 ብር። እሸቱን ሁሉ ገዝተው ከጨረሱ በኋላ ዋጋው 10 በመቶ ቢወርድ 700,000 ብር ይጎድላል። ትርፉ ሄዶ 200,000 ብር ኪሳራ ይገባሉ። ታዲያ ይሄ እንዴት 3 ይሆናል? 5 ነው። መጀመሪያ “5 ማለት የዓመቱን ትርፍ የሚበላ ነው” ብላችሁ ወስኑ፣ ነጥቡን ከዚያ ስጡ።

ብዜቱን ብቻ ማየት

ዝናቡ የመከሰት ዕድሉ 4፣ ጉዳቱ 2 ነው፤ ሲባዛ 8። የመፈልፈያ ማሽን ብልሽት ደግሞ 2 በ4፤ እሱም 8። ቁጥሩ እኩል ቢሆንም ነገሩ ለየቅል ነው። ዝናቡን ሠራተኛው በየቀኑ እየሸፈነ ይወጣዋል። የተለቀመ እሸት ግን በዕለቱ ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል። ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ከቆመ መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ መደወል ምን ይጠቅማል? ቶሎ የሚያልቀው መለዋወጫ ከለቀማ በፊት ተገዝቶ መጋዘን መግባት አለበት። ስለዚህ ነጥባቸው እኩል ከሆነ ጉዳቱ የሚከብደውን አስቀድሙ።

“ክትትል ይደረጋል” ብሎ ማለፍ

ማን? መቼ? በስንት ብር? ሸራውም መለዋወጫውም በጀቱ ውስጥ አልነበሩም፤ አስገባናቸው። ለዋጋው ደግሞ ግዢውን በሦስት ዙር ከፈልነው፦ 20,000 ኪሎ ይገዛል፣ ቡናው ይሸጣል፣ ቀጣዩ እሸት በዕለቱ ገበያ ይገዛል። የግዢውን ጣሪያ ዋጋ የሚወስነው ሒሳብ ያዡ ነው። አሁን ዋጋው 10 በመቶ ቢወርድ የሚመታው በእጅ ያለውን ዙር ነው፤ 233,000 ብር ገደማ።

ከምላሹ በኋላ ነጥቡን አለመከለስ

ልጆቹ የዋጋ መውረድን ዕድሉንም ጉዳቱንም ሊቀንሱ ነበር። የዋጋ መውረድ ዕድሉ ግን 4 እንደሆነ ይቆያል፤ ገበያው በእነሱ እጅ አይደለም። የቀነሰው ጉዳቱ ነው፣ ከ5 ወደ 3። ስለዚህ 20 የነበረው 12 ሆነ፤ አሁንም ከዝርዝሩ አናት ላይ ነው።