ሲሪሊክን በፊደላችን ማንበብ፦ የሁለት ሳምንቱ መፍትሔ

ችግሩ፦ 33ቱን የሩሲያ ፊደላት በተራ መጥራት ይቻላል፤ ቃል ሲመጣ ግን РЕСТОРАН «ፔክቶፓህ» ተብሎ ይነበባል። ትክክሉ «ሬስቶራን» ነው።

የፊደል መዝሙሩን መሸምደድም ከቃሉ ሥር በእንግሊዝኛ ፊደል ንባቡን መጻፍም አልሠራም። ሁለተኛው እንዲያውም አባሰው፤ ዓይን Р-ን እንደ ፒ፣ Н-ን እንደ ኤች ማየቱን ቀጠለ።

የሠራው የእንግሊዝኛውን ፊደል ጨርሶ ትቶ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አሳሳቾቹ ስድስት ብቻ፦ В ቭ፣ Н ን፣ Р ር፣ С ስ፣ У ኡ፣ Х ኽ። ተነባቢው ሁሉ ሳድስ ነው፤ አናባቢው ለብቻው ይከተላል፤ М እና А ተያይዘው «ማ» ይሆናሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅርጽ ይረዳል። Ш ሠን፣ Л ለን፣ Т ተን ይመስላሉ፤ ድምፃቸው ሽ፣ ል፣ ት ነው። Ф ግን ቀን ቢመስልም «ፍ» ነው፤ እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። Ж ዥ፣ Ч ች፣ Я ያ፣ Ю ዩ ናቸው። አስቸጋሪ የሚባለው Ы ለእኛ ቀላል ነው፤ ከ«እ» ጋር በጣም ይቀራረባል።

መሞከሪያው የከተማችን የጅማ ስም ይሁን፦ ДЖИММА። «ጅ» አንድ ፊደል ስለሌለው ድ እና ዥ ተጣመሩ፤ እኛ ሳንጽፍ የምናጠብቀው «ም» እዚያ ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

ዘዴው የማይፈታው አንድ ነገር አለ፦ О ድምፁ ጠንክሮ በማይነገርበት ክፍለ ቃል ላይ ሲሆን ወደ «አ» ያደላል፤ እሱን በጆሮ ነው የሚለዩት።